ሳይመቱ የሚበልዝ ቆዳ፦ ፕሌትሌት ሲያንስ እግር ላይ የሚወጡት ቀያይ ነጥቦች

ጥያቄ፦ "ዶክተር፣ የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ቁርጭምጭሚቴ አካባቢ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀያይ ነጥቦች ወጡብኝ። አያሳክኩም፣ አያሙም። ጭኔና ክንዴም ምንም ሳይመታኝ በልዟል። ከዚያ በፊት ጉንፋን ነበረብኝ። ስመረመር ፕሌትሌቴ 19,000 ነው ተባልኩ፤ ሌላው የደም ውጤት ደህና ነው። ሐኪሙ 'አይቲፒ ይባላል፣ ፕሌትሌቱን የሚያጠፋው የራስሽ ሰውነት ነው' ብሎ ፕሬድኒሶሎን አዘዘልኝ። ችግሩ ደሜ ውስጥ ከሆነ ለምን ቆዳዬ ላይ ይወጣል? ለምንስ እግሬ ላይ? ፕሌትሌት ለምን አይሰጠኝም? የደም ካንሰር እንዳይሆንም ፈርቻለሁ።"

መልስ፦ እህቴ፣ ከነጥቦቹ እንጀምር፤ ብዙውን ነገር የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ያየሻቸው ነጥቦች ሽፍታ አይደሉም። ከደም ስር ወጥቶ ቆዳ ውስጥ የቀረ ደም ናቸው።

ይህን ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ ያዢና ጎኑን ነጥቦቹ ላይ ጫን አድርጊው። የአለርጂ ወይም የሙቀት ሽፍታ ሲጫኑት ቅላቱ ይጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ምክንያቱም እዚያ ያለው ደም አሁንም ደም ስሩ ውስጥ ስለሆነ ስትጫኚው ሸሸት ይላል። ያንቺዎቹ ግን በብርጭቆው ውስጥ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ደሙ ከስሩ ወጥቶ የሚሄድበት የለውም። አሁን ደግሞ ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ ዳብሻቸው። ምንም የሚጎረብጥ ነገር ሊኖር አይገባም፤ ቆዳው ለስላሳ ነው። ነጥቦቹ አበጥ ብለው ለጣት የሚታወቁ ከሆነ ግን የደም ስሩ ግድግዳ ራሱ ተቆጥቷል ማለት ነው። ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ሐኪምሽም ማወቅ አለበት።

እንዲህ ያሉት ጠፍጣፋ ነጥቦች በሕክምና ፔቴኪያ ይባላሉ። አብዛኞቹ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ናቸው። እያንዳንዷ ነጥብ አንዲት በጣም ቀጭን የደም ስር ያፈሰሰችበት ቦታ ናት።

ለምን ታፈሳለች? ካፒላሪ የሚባሉት የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ስሮች ግድግዳቸው የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ስንቆም፣ ስንራመድ፣ ስናስል፣ ልብስ ሲያጠብቀን እዚህም እዚያም ጥቃቅን ክፍተት ይፈጠራል። ይህ በሁሉም ሰው ላይ በየቀኑ ይሆናል። አናውቀውም እንጂ። ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ክፍተቱ ላይ ወዲያው ይለጠፉና ይደፍኑታል። ከዚያም በላይ የግድግዳው ሴሎች ተጠጋግተው እንዲቆዩ የሚያግዙ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። ስለዚህ ፕሌትሌት ስንቆረጥ ብቻ የምንፈልገው ነገር አይደለም። ምንም ባልደረሰብን ቀንም እየሠራ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቁጥር ልጥቀስልሽ፣ 19,000 የሚለውን ለመረዳት ይጠቅማል። ጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕሌትሌት አለው። አንድ ፕሌትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ይኖራል። በተለያየ ምክንያት ፕሌትሌታቸው ያነሰ ሰዎች ሲጠኑ፣ ለዚህ የዕለት ተዕለት ጥገና ብቻ የሚያስፈልገው በማይክሮሊትር በቀን 7,000 ገደማ መሆኑ ታውቋል። አየሽ፣ ሰውነታችን የተሰጠው ከሚያስፈልገው እጅግ የበዛ ነው። አንድ ሰው ፕሌትሌቱ 60,000 ሆኖ ምንም ሳይሰማው በሥራ ላይ የሚውለው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ነጥቦቹ መታየት የሚጀምሩት ከ30,000 ሲወርድ ነው። ከ10,000 ሲያንስ ደግሞ ለጥገናው ራሱ የሚበቃ እየጠፋ ይሄዳል። አንቺ 19,000 ላይ ሆነሽ ነጥቦች ማየትሽ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ለምን እግር ላይ ለሚለው መልሱ ግፊት ነው። ዝም ብለሽ ስትቆሚ ከልብሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ያለው ደም ክብደቱ በሙሉ ታች ያሉት ስሮች ላይ ያርፋል። ተኝተሽ ሳለ የእግር ደም መላሾች ውስጥ ያለው ግፊት ትንሽ ነው። ቆመሽ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይደርሳል። ደፋኙ ሲጎድል መጀመሪያ የሚያፈሰው ግፊት የበዛበት ቦታ ነው። በዚህ መንገድ ካሰብሽው የነጥቦቹ አቀማመጥ ሁሉ ግልጽ ይሆንልሻል። የካልሲ ላስቲክ የሚያርፍበት ላይ ቀለበት ሠርተው ይወጣሉ። የደም ግፊት መለኪያው ከታሰረበት በታች ክንድ ላይ ይወጣሉ። በኃይል ያስመለሰ ወይም ያሳለ ሰው ዓይኑ ዙሪያና አንገቱ ላይ ይወጡበታል። አልጋ ላይ የቆየ በሽተኛ ደግሞ እግሩ ንጹሕ ሆኖ ጀርባው ላይ ይገኛሉ። እኔ እንዲህ ያለ ታካሚ ስመረምር ካልሲውን ሳላስወልቅ አልጨርስም።

ብልዙ ከዚህ ትንሽ ይለያል። መነሻው ከካፒላሪ ወፈር ያለና ጠለቅ ያለ ስር ነው። "ምንም ሳይመታኝ" ብለሻል፣ ሁሉም ታካሚዎች እንዲህ ነው የሚሉት፣ እውነታቸውንም ነው። የጠረጴዛ ጠርዝ ገጨት ያደርገናል፣ ቦርሳ ክንዳችን ላይ ይንጠለጠላል፣ አንድ ሰው እጃችንን ጠበቅ አድርጎ ይይዘናል። ማንም ይህን መመታት አይለውም። ጤናማ ሰው ላይ የተጎዳችዋን ስር ፕሌትሌቶች በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጓታል፣ ምልክትም አይቀርም። ያንቺ ግን ቶሎ ስለማትዘጋ ደሙ ቆዳ ሥር ባለው ልል ሥጋ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰራጫል። ጭን ላይ ሰፋ ብሎ የሚታየውም እዚያ ብዙ ልል ቦታ ስላለ ነው።

ቀለሙ ሲቀያየር አትደንግጪ። መጀመሪያ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ መሰል፣ በመጨረሻ ቢጫ ይሆናል። የፈሰሰው ሄሞግሎቢን እየተፈረፈረ ነው። ፔቴኪያዎቹም ቡናማ ሆነው በቀናት ውስጥ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ የድሮው ብልዝ ቢጫ መሆኑ ወይም መስፋቱ ያን ያህል ዜና አይደለም። ዜናው ዛሬ አዲስ ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለው ነው። አንዳንዱን ብልዝ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ከበብ አድርጊው፤ በማግስቱ አዲሱን ከአሮጌው መለየት ቀላል ይሆናል።

ያንቺ ደም ግን የመርጋት አቅሙን ሙሉ በሙሉ አላጣም። ደም የሚቆመው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ፕሌትሌት ይደፍናል፣ ከዚያ ደም አርጊ ፕሮቲኖች ድፍኑን ያጠነክሩታል። አንቺ የጎደለሽ የመጀመሪያው ነው። ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው የሚጎድለው ሁለተኛው ስለሆነ ጉልበቱና ክርኑ ውስጥ ይደማል እንጂ እንዲህ ያሉ ነጥቦች አይወጡበትም። በአይቲፒ ደሙ የሚታየው ቆዳ ላይ፣ ድድ ላይ፣ በነስርና በወር አበባ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንሂድ። ሰውነታችን ቫይረስ ሲገባበት አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያመርታል። አንቲቦዲው ጠላቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሌሎች ሴሎች ደግሞ የተለጠፈበትን ነገር ይውጣሉ። በአይቲፒ የተሳሳተ አንቲቦዲ ተሠርቶ ፕሌትሌት ላይ ይለጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ፕሌትሌቶች እርስ በርስ በሚያያዙበት ፕሮቲን ላይ ነው። አንቲቦዲው በራሱ ፕሌትሌቱን ወዲያው አይገድለውም። ደሙ በጣፊያ ውስጥ ሲያልፍ ግን ማክሮፌጅ የሚባሉት ዋጭ ሴሎች ምልክቱን ያውቁታል፣ ፕሌትሌቱንም ይውጡታል። ከአንድ ሳምንት በላይ መኖር የነበረበት ፕሌትሌት በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል።

መቅኔው ለምን አምርቶ አይተካውም? ይሞክራል። ግን ያው አንቲቦዲ መቅኔ ውስጥ ያሉትን የፕሌትሌት እናት ሴሎችም ይነካቸዋል፣ አቅማቸውንም ይቀንሳል። ምርቱን የሚያነሳሳው ሆርሞንም እንደሚጠበቀው ከፍ አይልም። ስለዚህ ነገሩ መጥፋት ብቻ ሳይሆን አለመተካትም ነው። ጉንፋኑ ምናልባት አስነስቶት ይሆናል፤ በተለይ ልጆች ላይ ከቫይረስ ሕመም በኋላ መምጣቱ የተለመደ ነው። ብዙ አዋቂዎች ላይ ግን ምን እንደቀሰቀሰው ሳይታወቅ ይቀራል።

ጥፋቱ ደሙ ውስጥ ካለ ነገር እንደሚመጣ የተረጋገጠበት መንገድ ዛሬ ማንም የማይፈቅደው ነው። በ1950 አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ዊልያም ሃሪንግተን የሚባል ወጣት ሐኪም ከአይቲፒ ታካሚ ግማሽ ሊትር ደም ተወስዶ ለራሱ እንዲሰጠው አደረገ። በሰዓታት ውስጥ ፕሌትሌቱ አሽቆለቆለ። ክፉኛ ታመመ፣ ሰውነቱ ላይም እንዳንቺው ነጥቦች ወጡ። በሳምንት ገደማ ውስጥ ግን ቁጥሩ ተመለሰ። ሥራው በ1951 ታተመ። የሱ መቅኔ ጤነኛ ነበር፣ ጣፊያውም እንደዚሁ። ከታካሚዋ የተቀበለው አጥፊ ነገር ሲያልቅ በሽታውም አለቀ። ያ ነገር አንቲቦዲ መሆኑ በኋላ ታወቀ። አንቲቦዲው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንስ ያልፋል። ስለዚህ ወደፊት ብታረግዢ ሐኪምሽ ይህን ታሪክሽን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት፤ አንዳንድ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ ለጊዜው ፕሌትሌታቸው ዝቅ ስለሚል ይከታተሏቸዋል።

ፕሌትሌት ለምን አይሰጠኝም ያልሽው እዚሁ ላይ ይመለሳል። የሚሰጥሽ ፕሌትሌትም ደምሽ ውስጥ ሲገባ ያው አንቲቦዲ ይለጠፍበታል፣ ያው ጣፊያ ይውጠዋል። ቁጥሩ ለጥቂት ሰዓት ከፍ ብሎ ይመለሳል። ሕይወት የሚያሰጋ ደም መፍሰስ ሲኖር ግን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይሰጣል፣ ያኔ ጥቂት ሰዓትም ዋጋ አለው።

የካንሰሩን ፍርሃት በደንብ እረዳዋለሁ። ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰርም ፕሌትሌት ስለሚያሳንስ መጠርጠርሽ ስህተት አይደለም። ልዩነቱ ሉኪሚያ መቅኔውን ስለሚወር ብዙውን ጊዜ ፕሌትሌትን ብቻ ነጥሎ አያጠቃም። ሄሞግሎቢን ይወርዳል፣ ነጭ የደም ሴል ከልክ በላይ ይበዛል ወይም ያንሳል። ያንቺ ሁለቱም ደህና ናቸው። ቀጣዩ ማረጋገጫ ደምሽን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይህ ካልተሠራልሽ ጠይቂ። በአይቲፒ የሚታየው ፕሌትሌት ጥቂት፣ አንዳንዶቹ ከወትሮው ተለቅ ያሉ፣ የቀሩት ሴሎች ግን ጤናማ ሆነው ነው። ያልበሰሉ ነጭ ሴሎች ከታዩ ወይም ቀይ ሴሎች ተሰባብረው ከተገኙ ምርመራው ሌላ አቅጣጫ ይይዛል። ተሰባብረው ከተገኙ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም።

አይቲፒን "አዎ ይህ ነው" ብሎ የሚያረጋግጥ አንድ ምርመራ የለም። ሌላው ተጣርቶ ነው የሚደረስበት። ስለዚህ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ሲና ቢ፣ እርግዝና፣ እንደ ሁኔታው ሉፐስና የጨጓራ ባክቴሪያ ይታያሉ። በቅርቡ የወሰድሽው መድኃኒት ካለ አንድም ሳይቀር ንገሪያቸው፤ ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት፣ ኮትሪሞክሳዞልና ሪፋምፒሲን ፕሌትሌት በማጥፋት ይታወቃሉ። አንዳንድ ሰው ደግሞ ምንም በሽታ ሳይኖርበት ደሙ የምርመራ ቱቦው ውስጥ ካለው ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ፕሌትሌቱ ይጓጉላል፣ ማሽኑም ትንሽ አድርጎ ይቆጥረዋል። አንቺ ግን የሚታይ ነጥብና ብልዝ ስላለሽ ቁጥሩ የውሸት አይመስለኝም።

ሕክምናው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ብቻ እያየ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው አፍን ነው። ፕሌትሌቱ 19,000 ሆኖ ነጥብ ቆዳው ላይ ብቻ ያለበት ሰውና በዚያው 19,000 ጉንጩ ውስጥ ጥቁር ቀይ የደም ውኃ ቋጠሮ ያለበት ሰው እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ሌላም ቦታ ሊደማ ስለሚችል ቶሎ ይታከማል። ስለዚህ ጥርስሽን ስትቦርሺ መስታወት ፊት ቆመሽ የጉንጭሽን ውስጥ፣ ምላስሽንና ላንቃሽን ተመልከቺ።

ከ30,000 በታች ለሆነ አዋቂ መድኃኒት መጀመር የተለመደ ስለሆነ ፕሬድኒሶሎን መታዘዙ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ዋጭ ሴሎቹን ያቀዘቅዛል፣ ቀስ በቀስም የአንቲቦዲውን ምርት ይቀንሳል። የተለመደው መጠን በኪሎ 1 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ብትሆኚ በቀን 60 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። ለውጡ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠበቃል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ገና ትንሽ ሳለ አዲስ ነጥብ መውጣቱ ያቆማል፣ ጥሩ ምልክት ነው። ግቡ 150,000 መድረስ አይደለም። ሳትደሚ ከ30,000 ወይም ከ50,000 በላይ ከቆየሽ በቂ ነው።

መጠኑ በሐኪም እየተቀነሰ ይሄዳል፣ ጠቅላላው ከስድስት ሳምንት ባይበልጥ ይመረጣል። ደህና ሆንኩ ብለሽ በአንዴ እንዳታቆሚው። "ሠርቶልኛል" ብለሽም ለወራት እንዳትቀጥይበት፤ ስኳር፣ ግፊት፣ እንቅልፍ ማጣትና የአጥንት መሳሳት ያመጣል። ብዙ አዋቂዎች መጠኑ ሲቀነስ ቁጥራቸው መልሶ ይወርዳል፤ ይህ ከሆነ መጠኑን ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ማድረግ መፍትሔ አይደለም። መቅኔውን የሚያነቃቁት ኤልትሮምቦፓግና ሮሚፕሎስቲም፣ ሪቱክሲማብ፣ ወይም ቢያንስ ዓመት ከተጠበቀ በኋላ ጣፊያን ማውጣት አለ። ጣፊያ የማውጣቱ ነገር የሚታሰበው ክትባት አስቀድሞ ተሰጥቶ ነው። ያኔ የደም ስፔሻሊስት ጋ መሄድሽ ግድ ነው።

እስከዚያው አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አትንኪ። ያለሽን ጥቂት ፕሌትሌት ሥራ ያስፈቱታል። ራስሽን ካመመሽ ፓራሲታሞል ውሰጂ። ጡንቻ ላይ መርፌም አይሁን፤ የተወጋው ቦታ ውስጡ ሊደማ ይችላል። የወር አበባሽ ከወትሮው ከበዛ፣ ሞዴስ በየሰዓቱ የምትቀይሪ ከሆነ፣ የሚቆጣጠር መድኃኒት ስላለ ሳታፍሪ ተናገሪ።

ብርቅ ቢሆንም የምንፈራው ጭንቅላት ውስጥ መድማት ነው። ድንገተኛና ከዚህ በፊት የማታውቂው ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የእይታ ብዥታ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ራስሽን መመታት፣ ከሩብ ሰዓት በላይ ተጭነሽው የማይቆም ነስር፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ቀይ ሽንት ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እዚያ ስትደርሺ ከሕመምሽ በፊት "አይቲፒ አለብኝ፣ ፕሌትሌቴ ዝቅተኛ ነው" በይ። ለራስ ምታቱ ብለው የዳይክሎፌናክ መርፌ ሊወጉሽ ይችላሉና።